የዱቄት ወተት ሲበጠበጥ ማክሮው የት ይሄዳል? ደረቁን ነው ወይስ የተበጠበጠውን የምንመዘግበው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ ነው። ጂም ከጀመርኩ ወዲህ የምበላውንና የምጠጣውን በስልኬ አፕ እመዘግባለሁ። ግራ የገባኝ ወተቱ ነው። የዱቄት ወተቴ ጣሳ በ100 ግራም 26 ግራም ፕሮቲንና 500 ካሎሪ ይላል። አፑ ላይ ስፈልግ ግን አንዱ 500፣ ሌላው 65 ካሎሪ ይለኛል። የቱን ልያዝ? ደግሞ ማታ ማታ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በዱቄት ወተትና በኮንደንስድ ወተት ሻይ በድስት እናፈላለን። የእኔን ኩባያ እንዴት ነው የማሰላው? የዱቄት ወተት ከፈሳሽ ወተት የበለጠ ፕሮቲን አለው የሚባለውስ እውነት ነው? እባክዎ ያስረዱኝ።»

ወንድሜ፣ ኩባያህ ውስጥ የገባውን ደረቅ ዱቄት መዝግብ። የጨመርከው ውሃ ፕሮቲን የለውም፣ ቅባት የለውም፣ ካርቦሃይድሬት የለውም፣ ካሎሪም የለውም። ስለዚህ ዱቄቱን በትንሽ ውሃም በጥብጠው በብዙ፣ ከጠጣኸው በኋላ ሆድህ የገባው ማክሮ፣ ማለትም ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና ካርቦሃይድሬቱ፣ ያው የዱቄቱ ነው።

አፑ ላይ ያየሃቸው ሁለቱ ቁጥሮች ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። 500 የሚለው የመቶ ግራም ደረቅ ዱቄት ነው። 65 የሚለው ደግሞ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ወተት ከሆነ በኋላ ያለው የመቶ ሚሊ ሊትር ነው። የሽሮ ዱቄትና የተሠራ ሽሮ በአንድ ሚዛን ቢቀመጡ መቶ ግራም ዱቄቱ ብዙ ሰው እንደሚያበላ፣ መቶ ግራም የተሠራው ግን ጥቂት ጉርሻ እንደሆነ ታውቃለህ። ወተቱም እንደዚያ ነው።

አንድ ብርጭቆ እንሥራ። ብዙ ጣሳዎች ላይ ያለው መመሪያ ወደ 26 ግራም ዱቄት በ180 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጥ፣ 200 ሚሊ ሊትር ወተት ይወጣሃል ይላል። ያንተ ጣሳ በ100 ግራም 500 ካሎሪና 26 ግራም ፕሮቲን ካለው፣ ቅባቱ ወደ 27፣ ካርቦሃይድሬቱ ወደ 38 ግራም ይሆናል። ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተት በአብዛኛው እዚህ አካባቢ ነው። ስሌቱ አንድ ብቻ ነው፦ የጨመርከው ግራም ሲባዛ በ100 ግራሙ ቁጥር፣ ሲካፈል ለ100።

26 ግራም ዱቄት እንግዲህ 130 ካሎሪ ይሰጥሃል። ፕሮቲኑ 6.8፣ ቅባቱ 7፣ ካርቦሃይድሬቱ 9.9 ግራም ነው። ይህ የመላው ብርጭቆ ማክሮ ነው። አሁን ለሁለት ክፈለው፤ ብርጭቆው 200 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ግማሹ መቶ ሚሊ ሊትር ነው። 65 ካሎሪ ይወጣል። ፕሮቲኑም 3.4 ግራም ይሆናል። ያ አፑ ላይ ያየኸው ሁለተኛው ቁጥር ከዚህ ነው የመጣው።

ጥፋት የሚመጣው ግራሙን ከአንዱ፣ ቁጥሩን ከሌላው ስትወስድ ነው። ለምሳሌ ብርጭቆውን ሚዛን ላይ አስቀምጠህ 206 ግራም ወተት አገኘህ እንበል። 180 ግራም ውሃ፣ 26 ግራም ዱቄት ማለት ነው። ያንን 206 የደረቁ ዱቄት መስመር ላይ ብታስገባው አፑ 1030 ካሎሪና ወደ 54 ግራም ፕሮቲን ይጽፍልሃል። በተቃራኒው ደግሞ 26 ግራም ዱቄት መዝነህ የተበጠበጠው መስመር ላይ ብታስገባው 17 ካሎሪና አንድ ግራም የማይሞላ ፕሮቲን ይወጣል። ሁለቱም ያው አንድ ብርጭቆ ናቸው!

ይህን ስህተት ሳትቆይ ለመያዝ አንድ መለኪያ ያዝ። አንድ ተራ ብርጭቆ ሙሉ ቅባት ያለው ወተት፣ የላምም ይሁን የዱቄት፣ ከ120 እስከ 140 ካሎሪ አካባቢ ነው። ፕሮቲኑም ወደ 7 ግራም ነው። አፑ ከዚህ በጣም የራቀ ነገር ካሳየህ ሒሳቡን ትተህ የመረጥከውን መስመር ተመልከት። መስመሩ ላይ «ድራይ» ወይም «ፓውደር» ካለ ደረቁ ነው። «ፕሪፔርድ» ወይም «ሪኮንስቲትዩትድ» ካለ የተበጠበጠው ነው። ምንም ካላለ ካሎሪው ራሱ ይነግርሃል። በመቶ ግራም 60ዎቹ ውስጥ ከሆነ የተበጠበጠ፣ 500 አካባቢ ከሆነ ደረቅ ነው።

እኔ ሁልጊዜ ደረቁን መስመር ያዝ እላለሁ። ምክንያቱም የተበጠበጠው ቁጥር የሚሠራው ልክ ጣሳው ላይ በተጻፈው መጠን ከበጠበጥክ ብቻ ነው። አንተ ግን ወፍራም ወተት ትወድ ይሆናል። በ180 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 40 ግራም ዱቄት የሚጨምር ሰው ብዙ አለ። ያ ብርጭቆ 200 ካሎሪና ከ10 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። «አንድ ብርጭቆ ወተት» ብለህ በተበጠበጠው መስመር ብትመዘግበው ግን 130 ብቻ ይጻፍልሃል። የቀረው 70 ካሎሪ የትም አልተመዘገበም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሾርባ ማንኪያ ነገር ሌላው የችግር ምንጭ ነው። ጠርዙ ላይ በቢላ የተስተካከለ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ወደ 8 ግራም ይመዝናል። እኛ ቤት ግን ማንኪያ የሚስተካከለው መቼ ነው? ቆለል አድርገን ነው የምንጨምረው። የተቆለለው በቀላሉ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሦስት ማንኪያ» 24 ግራምም ሊሆን ይችላል፣ 45 ግራምም ሊሆን ይችላል። ጣሳው ውስጥ የሚመጣውን መለኪያ ማንኪያ ብትጠቀምም መጀመሪያ አንዴ መዝነው። ዱቄቱ በእርጥበት ተጠቅጥቆ ከሆነ ወይም ማንኪያውን ጣሳው ግድግዳ ላይ ጠቅጠቅ ካደረግከው ክብደቱ ይለያል።

የኩሽና ሚዛን ካለህ ነገሩ ቀላል ነው። ባዶ ኩባያውን አስቀምጥ፣ ዜሮ አድርገው፣ ዱቄቱን ጨምር፣ ቁጥሩን ያዝ። ውሃውን ከዚያ በኋላ እንደፈለግክ ጨምር፤ መለካት አያስፈልግህም። ኮንደንስድ ወተት ማንኪያ ላይ ስለሚጣበቅ በሌላ መንገድ መዝን። ከመቅዳትህ በፊት ጣሳውን ሚዛን ላይ አስቀምጥ፣ ዜሮ አድርግ፣ ቀድተህ መልሰህ አስቀምጠው። ሚዛኑ ላይ የሚመጣው የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ድስት ውስጥ የገባው ነው። ማንኪያው ላይ የቀረውን ከላስከው እሱም ተቆጥሯል ማለት ነው።

ሚዛን ባይኖርህ ጣሳው ራሱ ምስክር ነው። ይህን ዘዴ ምግባቸውን በትጋት የሚመዘግቡ ሰዎችም ብዙ ጊዜ አያስቡትም። 900 ግራም ጣሳ አለህ እንበል፤ ብቻህን ነው የምትጠቀምበት። በቀን 26 ግራም ከሆነ የምትጠጣው ጣሳው ወደ 35 ቀን ሊቆይልህ ይገባል። በ20 ቀን ካለቀ በእውነት የምትጠጣው በቀን 45 ግራም ነው፤ ማለትም 130 ሳይሆን 225 ካሎሪ። የከፈትክበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፍ፣ ያለቀበትን ቀን አስተያይ። ማንኪያህ ሊያሳስትህ ይችላል፤ ባዶው ጣሳ ግን አያሳስትህም።

አሁን ወደ ኮንደንስድ ወተቱ እንምጣ። ይህ ከዱቄት ወተት ጋር በአንድ ዓይን የሚታይ አይደለም። የዱቄት ወተት ማለት ውሃው የወጣለት ወተት ነው። ውሃውን ስትመልስለት ወደ ወተት ቅርብ ነገር ይሆናል። ኮንደንስድ ወተት ግን ከፊል ውሃው ወጥቶ ብዙ ስኳር የገባበት ነው። ስኳሩ ጣፋጭ ከማድረግ ባለፈ እንዳይበላሽ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ምን ያህል ውሃ ብትጨምርበት ወደ ተራ ወተት አይመለስም፤ የሚሆነው ጣፋጭ ወተት ነው።

በመቶ ግራም ወደ 325 ካሎሪ፣ 8 ግራም ፕሮቲን፣ 8 ግራም ቅባትና 55 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት ኮዴክስ ለሙሉ ቅባቱ ኮንደንስድ ወተት ቢያንስ 8 በመቶ የወተት ቅባትና በጠቅላላው 28 በመቶ የወተት ደረቅ ነገር እንዲኖረው ይጠይቃል። ከ55ቱ ካርቦሃይድሬት ወደ 10 ግራሙ የወተቱ የራሱ ስኳር፣ ላክቶስ ነው። የቀረው 45 ግራም ከፋብሪካ የገባ ተራ ስኳር ነው።

ይህን ካወቅክ ኮንደንስዱን በጭንቅላትህ መፍታት ትችላለህ። መቶ ግራም ኮንደንስድ ወተት ማለት በግምት 30 ግራም የዱቄት ወተት፣ 45 ግራም ስኳርና የቀረው ውሃ ነው። እስቲ እንፈትሸው። 30 ግራም ዱቄት 150 ካሎሪና 7.8 ግራም ፕሮቲን አለው። ቅባቱ 8.1፣ ካርቦሃይድሬቱ 11.4 ነው። 45 ግራም ስኳር 180 ካሎሪ ይጨምርበታል። ድምሩ 330 ካሎሪ፣ 7.8 ፕሮቲን፣ 8.1 ቅባት፣ 56 ካርቦሃይድሬት። ከጣሳው ቁጥር ጋር በጣም ይቀራረባል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይልቅ ኮንደንስድ ወተት ምን እንደሆነ ያሳያል። ጣፋጩን ሻይ ስትወድ፣ የምትወደው ወተቱን ነው ወይስ 45ቱን ግራም ስኳር? ለየብቻ አስበህ ለየብቻ መቀነስ ትችላለህ።

ክብደቱም ያታልላል። ኮንደንስድ ወተት ከውሃ ይልቅ ከባድ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ኮንደንስድ ሲሞላበት ግን ወደ 19 ግራም ይመዝናል። ሚሊ ሊትሩን እንደ ግራም ከጻፍከው አንድ አምስተኛ ያህል ታሳንሳለህ። እንደ ማር ከማንኪያው በላይ ተቆልሎ የሚወጣው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

እዚያ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ስላለህ አንድ ነገር ልጨምር። ለከረክ ሻይ ብዙዎች የሚጠቀሙት ኢቫፖሬትድ ወተት ነው። እሱም በትንሽ ጣሳ ነው የሚመጣው፤ ሱቅ ውስጥም ከኮንደንስዱ ጎን ለጎን ይደረደራል። ግን ስኳር አልተጨመረበትም። በመቶ ግራም ወደ 135 ካሎሪ፣ ከ7 ግራም ትንሽ ያነሰ ፕሮቲንና 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። አንዱን ጠጥተህ ሌላውን ከመዘገብክ ካሎሪህ ከእጥፍ በላይ ይዛባል። መለየቱ ግን ቀላል ነው። እንደ ወተት ከፈሰሰ ኢቫፖሬትድ፣ እንደ ማር ከተሳበ ኮንደንስድ ነው። ጣሳው ላይ ካርቦሃይድሬቱ 50ዎቹ ውስጥ ከገባም ኮንደንስድ ነው።

እንግዲህ የማታውን ድስት እንሥራ። የእናንተን መጠን ስላልነገርከኝ የምሠራው በምሳሌ ነው፤ ቁጥሩን በራስህ ትተካዋለህ። አንድ ሊትር ውሃ፣ 80 ግራም የዱቄት ወተት፣ 100 ግራም ኮንደንስድ ወተት፣ ሻይ ቅጠል፣ ሄልና ቀረፋ። ቅጠሉና ቅመሙ ተጠልሎ ስለሚወጣ አንቆጥረውም። ሌላ ስኳር ካልጨመራችሁ ማክሮው ከሁለት ነገር ብቻ ነው የሚመጣው።

80 ግራሙ ዱቄት 400 ካሎሪ፣ 20.8 ፕሮቲን፣ 21.6 ቅባት፣ 30.4 ካርቦሃይድሬት ነው። 100 ግራሙ ኮንደንስድ 325 ካሎሪ፣ 8 ፕሮቲን፣ 8 ቅባት፣ 55 ካርቦሃይድሬት ነው። ድስቱ በጠቅላላ 725 ካሎሪ፣ 28.8 ፕሮቲን፣ 29.6 ቅባትና 85.4 ካርቦሃይድሬት ያዘ። ይህ ድምር ሻዩ አንዴ ከተሠራ በኋላ አይለወጥም። ብታፈላውም፣ ብታቀዘቅዘውም፣ ውሃ ብትጨምርበትም ያው ነው።

የሚለወጠው ክብደቱ ነው። ስትጀምሩ ድስቱ ውስጥ 1180 ግራም ነበር። ሲፈላ እንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱ ውሃ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ማክሮውን ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ የቀረው ሻይ ይወፍራል፣ የእያንዳንዱ ኩባያ ካሎሪም ይጨምራል። መመዘን ያለብህ እንግዲህ ከፈላ በኋላ ነው። ባዶ ፔርሙዝ መዝን፣ ሻዩን አጥልለህ ጨምር፣ መልሰህ መዝን። ልዩነቱ 1050 ግራም መጣ እንበል። ሚዛንህ ሁለት ኪሎ ካልቻለ በመለኪያ ኩባያ በሚሊ ሊትር ለካው፤ ለዚህ ጉዳይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጠቅላላውንም ኩባያህንም በአንድ መለኪያ ለካ እንጂ አንዱን በግራም፣ ሌላውን በሚሊ ሊትር አታድርግ።

አንተ 180 ግራም ጠጣህ። 180 ለ1050 ሲካፈል ወደ 17 በመቶ ነው። ከድስቱ ድምር 17 በመቶውን ውሰድ። 124 ካሎሪ፣ 4.9 ግራም ፕሮቲን፣ 5.1 ቅባት፣ 14.6 ካርቦሃይድሬት ይሆናል። ልክ መሆኑን በራሱ መፈተሽ ትችላለህ። ፕሮቲኑንና ካርቦሃይድሬቱን በ4፣ ቅባቱን በ9 አባዛና ደምር። 19.6፣ 58.4 እና 45.9፣ ድምሩ 123.9። ከካሎሪው ጋር ገጠመ። ካልገጠመልህ አንድ ቦታ መስመር ተቀላቅሎብሃል።

ማፍላቱ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ያንኑ ድስት ረስታችሁት 900 ግራም እስኪቀር ፈላ እንበል። ያው 180 ግራም ኩባያ አሁን 145 ካሎሪ ሆነ። ሳይፈላ በነበረው በ1180 ብታሰላው ደግሞ 111 ይልሃል። አንድ ኩባያ፣ አንድ ዓይነት አሠራር፣ ግን ከ111 እስከ 145። ስለዚህ «እኛ ሁሌ እንደዚህ ነው የምናፈላው» ብለህ የአንድ ቀኑን ቁጥር ለወር አትጠቀም። በተለይ እሳቱ ላይ የሚተው ሰው ካለ። ወተቱ ድስቱ ሥር ከያዘ ወይም ስልባቦቱን አንዱ ለብቻው ካነሳው ደግሞ ጥቂት ቅባትና ፕሮቲን አብሮ ይሄዳል፤ ለዚያ ግን ራስህን አታስጨንቅ።

አፑ ላይ ይህን ስትመዘግብ «ሬሲፒ» የሚለውን ክፍል ተጠቀም። ደረቁን ዱቄትና ኮንደንስዱን አስገባ፣ የመጨረሻውን ክብደት ጻፍ፣ ከዚያ የጠጣኸውን ግራም ብቻ ሙላ። ውሃን ባታስገባም ችግር የለውም፤ የመጨረሻውን ክብደት ግን አትዝለል። አንዳንድ አፕ የመጨረሻ ክብደት ሳይጠይቅ «ስንት ሰው ይበቃል?» ብቻ ይላል። ያን ጊዜ ድስቱን በእኩል ኩባያ ቁጠረውና የኩባያውን ብዛት ስጠው።

የመጨረሻው ጥያቄህ ትልቁ ነው። የዱቄት ወተት ፕሮቲኑ ከፈሳሽ ወተት ይበልጣል? በመቶ ግራም ካየኸው 26 ለ3.4 ነው፤ በጣም የበለጠ ይመስላል። ግን ማንም 100 ግራም ዱቄት በማንኪያ አይበላም። ያ ልዩነት የውሃ ልዩነት ነው እንጂ የምግብ ልዩነት አይደለም። ደረቅና እርጥብ ነገር ስታወዳድር በመቶ ግራም አታወዳድር። በካሎሪ አወዳድር፦ ከመቶው ካሎሪ ስንቱ ከፕሮቲን ይመጣል በል።

የዱቄቱ 26 ግራም ፕሮቲን በ4 ሲባዛ 104 ካሎሪ ነው። ከ500 ውስጥ 21 በመቶ ማለት ነው። የተበጠበጠው ብርጭቆስ? 6.8 በ4፣ 27 ካሎሪ ከ130 ውስጥ። እሱም 21 በመቶ። አልተነቃነቀም። የላም ወተትም እዚያው አካባቢ ነው። ኮንደንስዱ ግን 32 ካሎሪ ከ325፣ ማለትም 10 በመቶ ብቻ። ስኳሩ ግማሹን አጥፍቶታል። አንድ ብርጭቆ ወተት የሚሰጥህን 6.8 ግራም ፕሮቲን ከኮንደንስድ ለማግኘት ከፈለግክ 85 ግራም መጠጣት አለብህ። ያ ወደ 276 ካሎሪና 47 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ለጡንቻ ብለህ ኮንደንስድ የምትጨምር ከሆነ መንገዱ ይህ አይደለም።

ፕሮቲን ከሆነ የምትፈልገው ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት አለ። ጣሳው ላይ «ስኪምድ» ይላል። በመቶ ግራም ወደ 360 ካሎሪ፣ 36 ፕሮቲን፣ 1 ቅባት፣ 52 ካርቦሃይድሬት ነው። እዚህ 40 በመቶው ካሎሪ ከፕሮቲን ነው የሚመጣው። የማታውን ድስት ውሰድና 80 ግራሙን ዱቄት ብቻ በዚህ ተካው። ኮንደንስዱን አትንካ። ያው 180 ግራም ኩባያ አሁን 105 ካሎሪና 6.3 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ቅባቱ ከ5.1 ወደ 1.5 ይወርዳል። ካርቦሃይድሬቱ ግን ወደ 16.6 ይጨምራል። ምክንያቱም ቅባቱ ሲወጣ ቦታውን የያዘው ፕሮቲንና ላክቶስ ነው። ጣዕሙም ቀጠን ይላል፤ የክፍል ጓደኞችህ ያውቁብሃል።

ስለ ላክቶስ ካነሳን፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ «ሹገር 38 ግራም» የሚል አይተህ አትደንግጥ። ያ የወተቱ የራሱ ስኳር ነው። ስኳር የተጨመረበት መሆኑን የምታውቀው ከሰንጠረዡ ሳይሆን ከሥሩ ካለው የግብዓት ዝርዝር ነው። እዚያ «ሹገር»፣ «ሱክሮስ» ወይም «ማልቶዴክስትሪን» ካለ የተጨመረ ነገር አለው። እዚያው ላይ የፓልም ዘይት ወይም የአትክልት ዘይት ካየህ ደግሞ የወተቱ ቅባት ተወስዶ በዘይት የተተካ ዱቄት ነው። የቅባቱ ግራም ያን ያህል ላይለያይ ይችላል፤ የቅባቱ ዓይነት ግን ሌላ ነው።

ለቡናና ለሻይ የሚሸጠው ክሪመር ዱቄትም መልኩ ወተት ይመስላል። ወተት ግን አይደለም። ዋናው ነገሩ ዘይትና የበቆሎ ሽሮፕ ደረቅ ነው። ካሎሪው ከዱቄት ወተት ጋር እኩል ወይም በላይ ሆኖ ፕሮቲኑ በመቶ ግራም ከ10 በታች ነው። ስለዚህ የዱቄት ጣሳ ስታነሳ መጀመሪያ ፕሮቲኑን እይ። 20ዎቹ ውስጥ ካለ ሙሉ ቅባት ያለው ወተት፣ 30ዎቹ ውስጥ ካለ ስኪምድ፣ ከ10 በታች ከሆነ ወተት አይደለም።

አንድ ወጥመድ ቀረ። እንደ ቸኮሌት መጠጥ ያሉ ዱቄቶች ጣሳ ላይ ሁለት ዓምድ ይኖራል፤ አንዱ የዱቄቱ፣ ሌላው «ተዘጋጅቶ» የሚለው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው የሚቆጥረው በወተት የተዘጋጀውን ነው። አንተ በውሃ ከበጠበጥከው ያልጠጣኸውን ወተት ትመዘግባለህ። መፈተሻው ይኸው፦ ብርጭቆው ውስጥ የገባውን የዱቄት ግራም በደረቁ ዓምድ አስላ፤ የወጣው ካሎሪ ከ«ተዘጋጅቶ» ዓምዱ የአንድ ብርጭቆ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ በውሃ ነው፣ በጣም ካነሰ ልዩነቱ የወተቱ ነው። የዱቄት ወተትህንም በውሃ ፈንታ በፈሳሽ ወተት የምትበጠብጥ ከሆነ የፈሳሹን ማክሮ ለብቻው ደምርበት። 26 ግራም ዱቄት በ180 ሚሊ ሊትር ሙሉ ወተት ላይ ስትጨምር ብርጭቆው 130 ሳይሆን ወደ 240 ካሎሪና ከ12 ግራም በላይ ፕሮቲን ይዟል።